አንድ የሰርግ ፎቶ፣ አምስት ካፕሽን፦ ቀን የቆረጡ እጮኛሞችን የሚያስቆመው የትኛው ነው?

ቀን የቆረጡ እጮኛሞች ፎቶግራፈር ሲፈልጉ በአንድ ምሽት ብዙ ፔጅ ያያሉ። ከፒያሳ ፎቶ ቤቶች ጀምሮ እስከ ካዛንቺስ ስቱዲዮዎች ድረስ ሁሉም ጋ ቬሎ አለ፣ ሁሉም ጋ አበባ የለበሰ መኪና አለ፣ ሁሉም ጋ ኬክ ይቆረሳል። ከሥር ያለው ጽሑፍም ያው ነው፦ «የማይረሳ ቀን»፣ «መልካም ጋብቻ»። ጽሑፉን ከአንዱ ፔጅ አንስተው ሌላው ላይ ቢለጥፉት ማንም አያውቅም። ችግሩም እዚህ ጋ ነው፤ ለማንም የሚሆን ጽሑፍ አንባቢው ስለ እናንተ ስለ ፎቶግራፈሮቹ አንድም ነገር ሳያውቅ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

እዚህ የማወዳድረው ለአንድ ፎቶ የሚጻፉ አምስት ዓይነት ካፕሽኖችን ነው። ፎቶው ካልተያዘ ካፕሽንን ማወዳደር ስለማይቻል አንድ ፎቶ እንያዝ።

ፎቶው ይህ ነው እንበል። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የሙሽሪት ቤተሰብ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ጠዋት። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽሪት ተንበርክካ ጉልበታቸውን እየሳመች ነው፣ ሙሽራው ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። የአያት ቀኝ እጅ የሙሽሪት ዓይነ ርግብ ላይ አርፏል። ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ብቻ ይገባል። በስተኋላ በተከፈተው በር ሚዜዎቹ ይታያሉ፤ አንደኛው ሰዓቱን እያየ ነው። የቬሎው ጫፍ ላይ አንዲት የቄጠማ ዘለላ ተጣብቃለች።

ጥሩ ፎቶ ነው። የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ፎቶ አያጣም። ጥያቄው ከሥሩ ምን ይጻፍ የሚለው ነው።

አምስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው የምኞት ካፕሽን ነው፦

«ሁለት ልቦች አንድ ሲሆኑ። መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ!»

ሁለተኛው የሽያጭ ካፕሽን ነው፦

«የማይረሳ ቀንዎን በማይረሳ ፎቶ! ጥራት ያለው የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ በተመጣጣኝ ዋጋ። አሁኑኑ ይደውሉልን።»

ሦስተኛው የስሜት ካፕሽን ነው፦

«የአያት ፍቅር… ቃላት አይገልጹትም።»

አራተኛው የታሪክ ካፕሽን ነው፦

«አያቷ በሕመም ምክንያት ከወንበራቸው መነሳት ስለማይችሉ ሙሽሮቹ ከደጅ ተመልሰው ሳሎን ገቡ። ቄጠማው ላይ ተንበርክከው ጉልበት ሳሙ፣ ተመረቁ።»

አምስተኛው የሥራ ካፕሽን ነው፦

«ምርቃቱን ያለ ፍላሽ ነው ያነሳነው። ቀድመን ሳሎን ገብተን ከመስኮቱ ጎን ቦታ ያዝን፤ ማንንም ወደ ካሜራ ዙሩ አላልንም።»

አሁን እጃችሁን ፎቶው ላይ አድርጋችሁ ጽሑፉን ብቻ አንብቡ። ምኞቱ ለየትኛውም ሰርግ ይሆናል። ሽያጩ ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቢነካካ ለዲኮርም ለምግብ ዝግጅትም ይሆናል። ስሜቱ ለየትኛዋም አያት ይሆናል። አራተኛውና አምስተኛው ግን የዚህ ፎቶ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ፎቶ ሥር ቢለጠፉ ውሸት ይሆናሉ። እኔ ካፕሽን ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሌላ ፎቶ ላይ ሄዶ እውነት ሆኖ የሚቆይ ጽሑፍ ወዲያው ይወድቃል።

የወደቁት ለምን ወደቁ

የምኞት ካፕሽን የሚናገረው ከተጋቡት ጋር ነው። «መልካም ጋብቻ» የምትሉት ሰርጋቸው ላለቀ ሰዎች ነው፤ ለነሱ ደግሞ ፎቶውን ስታስረክቡ በግል ልትሉት ትችላላችሁ። ፖርትፎሊዮ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ውጤቱንም ኮሜንቱ ላይ ታዩታላችሁ፦ የሙሽሮቹ ዘመድና ጓደኛ «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ «አሜን» ብሎ ይሞላዋል። ደስ ይላል፣ ፔጁም የሞቀ ይመስላል፣ ግን ከነዚህ ውስጥ ለራሱ ሰርግ የሚጠይቅ ሰው የለም። የሙሽሮቹ ወዳጆች ካልሆኑት መሐል ፎቶግራፈር የሚፈልገው ሰው ደግሞ የሰው ቤት ግብዣ ውስጥ እንደገባ ይሰማውና ያልፋል።

የሽያጭ ካፕሽኑ ቢያንስ ለእጮኛሞቹ ይናገራል። ድክመቱ የሚለው ነገር ሊረጋገጥ የማይችል መሆኑ ነው። «ጥራት ያለው» ሁሉም ይላል፤ «ተመጣጣኝ» ያለ ቁጥር ትርጉም የለውም። ከዚያ በላይ ግን ከፎቶው ጋር ይጣላል። አያት ልጃቸውን እየመረቁ ሳለ ከሥር «አሁኑኑ ይደውሉልን» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ የሚያነበው ሰው «የኔንም አያት እንዲህ ነው የሚያደርጓት» ብሎ ያስባል። «ቀንዎን» የሚለው አክብሮትም እዚህ ጋ አይሠራም፤ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉ። «ቀናችሁን» ማለት ይበቃል፣ ይቀርባልም።

የስሜት ካፕሽኑ ፎቶው ቀድሞ የተናገረውን ይደግማል። እጁ ዓይነ ርግቡ ላይ ማረፉን ያየ ሰው ፍቅር መሆኑን የሚነግረው አያስፈልገውም። ካፕሽን ሥራው ፎቶው ውስጥ የሌለውን ማምጣት ነው፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ከክፈፉ ውጭ ማን ቆሟል፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ፎቶግራፈሩ የት ነበር።

የቀሩት ሁለቱ፦ ታሪክ ወይስ ሥራ?

እውነተኛው ምርጫ እዚህ ጋ ይጀምራል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን የሚያመጡት ሰው የተለያየ ነው።

የታሪክ ካፕሽን ያስቆማል። ሰው እያሸበለለ ሳለ «ሙሽሮቹ ከደጅ ተመልሰው» የሚል ነገር ሲያነብ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ሙሽሪት ትሆንና ለእጮኛዋ ትልክለታለች፣ ለእናቷም ታሳያለች። በእኛ ከተማ ፎቶግራፈሩን ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ሙሽሪት ብትሆንም ቤተሰብ አስተያየት ይሰጣል፣ አንዳንዴም ቀብዱን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው። እናት ደግሞ ስለ ካሜራ ግድ የላትም፤ በልጇ ሰርግ የራሷ እናት እንዲህ ባለ ፎቶ ውስጥ ትኖር እንደሆነ ነው የምታስበው። እንዲህ ያለውን አንባቢ ታሪክ ብቻ ነው የሚይዘው።

ጉድለቱ ግን ታሪኩ የሙሽሮቹ መሆኑ ነው። አንባቢዋ ልቧ ተነክቶ «እንዴት ደስ ይላል» ብላ ልትሄድ ትችላለች። ፎቶግራፈሩ በታሪኩ ውስጥ የለም።

የሥራ ካፕሽኑ ይህን ይሞላል። እጮኛሞች የማይናገሩት፣ ግን የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ። ፎቶግራፈሩ በምርቃት መሐል «አንዴ ድገሙት» ይል ይሆን? ዘመድ ፊት ቆሞ ይጋርድ ይሆን? ከቤት መውጫው ሰዓት ሲጣበብ ቀድሞ የሚቀረው የቤት ውስጥ ፎቶ ይሆን? ሰርግ ላይ የተገኘ ሁሉ ይህን አይቷል። ቪዲዮ ቀራጩ መብራት ይዞ በአባትና በልጅ መሐል ሲገባ ያላየ የለም። ስለዚህ «ማንንም ወደ ካሜራ ዙሩ አላልንም» የሚል አንድ ሐረግ ከ«ጥራት» የበለጠ ይሸጣል፣ ምክንያቱም ፎቶው ራሱ ይመሰክርለታል፦ አንድም ሰው ካሜራውን እያየ አይደለም።

የዚህኛው ጉድለት ደግሞ አጀማመሩ ነው። «ምርቃቱን ያለ ፍላሽ ነው ያነሳነው» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ስለ ፎቶግራፈሩ ነው የሚጀምረው። ፎቶግራፈሮች ይወዱታል፤ እጮኛሞች ግን እስኪደርሱበት አይታገሱም። ከዚህ ብሶ የሌንሱን ስም፣ አይኤስኦውንና የመዝጊያ ፍጥነቱን የሚጽፉ አሉ። እሱን ለሙያ ጓደኞቻችሁ ንገሩ፤ ሙሽሪት ከዚያ የምታገኘው የለም።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በታሪክ ክፈቱ፣ ወደ ሥራ ተሻገሩ፣ በአንድ ትንሽ ጥያቄ ዝጉ። የምትከፍቱበት ዓረፍተ ነገር የሙሽሮቹ ይሁን፤ መሐሉ ላይ እናንተ የት እንደነበራችሁ ይታይ፤ መጨረሻው ለአንባቢዎቹ ይሁን።

ካፕሽኑን እንሥራው

መጀመሪያ ከአራተኛው አማራጭ አንድ ነገር ይውጣ። «በሕመም ምክንያት ከወንበራቸው መነሳት ስለማይችሉ» የሚለው ታሪኩን ያጠነክረዋል፣ ግን የአያት ጤና ነው። ሙሽሪት ፎቶው እንዲለጠፍ ስትፈቅድ ይህን አብራ አልፈቀደችም፤ አያትም አልተጠየቁም። ወንበር ላይ መቀመጣቸው በፎቶው ይታያል፣ ምክንያቱን አንባቢ ማወቅ የለበትም።

ያንን ስናወጣ መክፈቻው ሌላ ጉልበት ይፈልጋል። ፎቶው ውስጥ ምን አለ? በሩ ላይ ሰዓቱን የሚያይ ሚዜ አለ። ሰርገኛው እየጠበቀ ነው ማለት ነው፣ ሙሽሪት ደግሞ እዚህ ተንበርክካለች። ይህ ውጥረት ነው፣ ከሁሉም ሰርግ ጋርም ይገናኛል። እንዲህ ይሁን፦

«ሰርገኛው ደጅ ቆሟል፣ ሙሽሪት ግን አያቷን ሳትሰናበት አትወጣም።»

ባዶ ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 40 ፊደል ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኢንስታግራም ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ድርጊቱ፣ አንድ ደግሞ ስለ እኛ፦

«ሁለቱም ቄጠማው ላይ ተንበርክከው ጉልበት ሳሙ። እኛ ከመስኮቱ ጎን ቆመን ጠበቅን፤ ፍላሽ አላበራንም፣ ድገሙትም አላልንም።»

ከዚያ የቄጠማዋ ዘለላ አለች። ኤዲት ላይ እሷን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰውም ያጠፋታል። ሳይጠፋ ከቀረ ግን በጽሑፍ መጥቀስ ያዋጣል፣ ምክንያቱም ስለ ኤዲት አሠራራችሁ በአንድ መስመር ይናገራል፦

«የቬሎዋ ጫፍ ላይ የተጣበቀችውን ቄጠማ አላጠፋናትም።»

ይህን ያነበበች ሙሽሪት ዓይኗ ተመልሶ ፎቶው ላይ ዘለላዋን ይፈልጋል። ካፕሽን ሰውን ወደ ፎቶው ከመለሰው ሥራውን ሠርቷል። ከዚህም ሌላ፣ ቆዳዋን እንደ ፕላስቲክ የሚያለሰልስ ኤዲት የማትፈልግ ሙሽሪት እናንተ የምትፈልጉት ደንበኛ መሆኗን ራሷ ታውቃለች። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ እንዲወጣላት የምትፈልገዋ ደግሞ ወደ ሌላ ትሄዳለች፤ ይሄም ለሁለታችሁም ይበጃል።

አሁን መዝጊያው። «ይደውሉልን» ትልቅ ጥያቄ ነው። ገና የሚያወዳድሩ እጮኛሞች መደወል ዋጋ መደራደር ስለሚመስላቸው ያፈገፍጋሉ። ቀለል ያለና ሰርጋቸውን የሚመለከት ነገር ጠይቁ፦

«ለመጪው ጥር ቀን የቆረጣችሁ፣ ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ጻፉልን፤ ለምርቃቱ ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ አብረን እናያለን።»

ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር ያደርጋል። መልሱ ቀላል ነው፣ «4 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ብቻ። የመለሰ ሰው ደግሞ ቀን የቆረጠ ሰው ነው፤ ዋጋ ብቻ ጠይቆ ከሚጠፋው ጋር አይቀላቀልባችሁም። ቃል የገባችሁትን ግን መፈጸም አለባችሁ። ሰዓቱን የጻፈላችሁን ሰው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ልካችሁ ከመለሳችሁት ካፕሽኑ ውሸት ሆነ።

ሙሉው እንዲህ ይነበባል፦

«ሰርገኛው ደጅ ቆሟል፣ ሙሽሪት ግን አያቷን ሳትሰናበት አትወጣም። ሁለቱም ቄጠማው ላይ ተንበርክከው ጉልበት ሳሙ። እኛ ከመስኮቱ ጎን ቆመን ጠበቅን፤ ፍላሽ አላበራንም፣ ድገሙትም አላልንም። የቬሎዋ ጫፍ ላይ የተጣበቀችውን ቄጠማ አላጠፋናትም። አራት ኪሎ፣ ጥር። ለመጪው ጥር ቀን የቆረጣችሁ፣ ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ጻፉልን፤ ለምርቃቱ ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ አብረን እናያለን።»

ፍቅር የሚል ቃል የለበትም፣ የማይረሳ የሚልም የለበትም። አንድም ቅጽል ስለ እኛ አልተናገረም።

የት ነው የሚለጠፈው?

ጽሑፉ አንድ ቢሆንም ቦታው ይለውጠዋል። ኢንስታግራም ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደል ይቀበላል፤ ነገር ግን ሰው ሲያሸበልል የሚያየው የመጀመሪያውን 125 ፊደል ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው ተጨማሪ የሚለውን ለሚነካ ሰው ነው። ስልኩና የፊደሉ መጠን ትንሽ ያለያዩታል። እዚህ ጋ ፊደላችን ይረዳናል፤ በአማርኛ አንድ ፊደል ከነድምፁ ስለሚጻፍ 125 ፊደል ብዙ ይይዛል። መክፈቻችን 40 ስለሆነ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገርም አብሮ ይታያል። ስለዚህ የስቱዲዮውን ስም፣ ስልክ ቁጥሩንና የምልክት ድርድሩን መጀመሪያ ላይ አታድርጉ፤ በጣም ውድ የሆነውን ቦታ ይበሉታል።

ቴሌግራም ቻናል ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ካፕሽኑ ሳይቆረጥ ሙሉው ይታያል፣ ለመደበኛ ተጠቃሚ ከፎቶ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ጣሪያው 1,024 ፊደል ነው፤ የኛ ያንን አይጠጋም። ቴሌግራም ላይ ሰው ፎቶውን ወደ ሌላ ሰው ፎርዋርድ ስለሚያደርግ ጽሑፉ አብሮ ይጓዛል። እናት ጋ ሲደርስ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ የስቱዲዮው ስም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ይግባ።

ዌብሳይት ላይ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ በሚገለጥ ናሙና አልበም ላይ ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም። አልበም እያገላበጠ ያለ ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል፣ ቀሪውን በአፍ ትነግሩታላችሁ። «ሰርገኛው ደጅ ቆሟል» የምትለዋ መስመርና «አራት ኪሎ፣ ጥር» ይበቃሉ።

ከውጭ መጥተው የሚያገቡ ደንበኞች ያሉት ስቱዲዮ እንግሊዝኛም መጻፍ ይፈልግ ይሆናል። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀላቅሉ፤ አማርኛው ይቅደም፣ እንግሊዝኛው ለብቻው ይከተል፣ እዚያም ጉልበት መሳምና ቄጠማ ምን እንደሆኑ ባጭሩ ይነገር። አንድ ቋንቋ ብቻ ይሁን ካላችሁ ቀብድ የሚከፍሏችሁ ሰዎች የሚጽፉላችሁን ቋንቋ ምረጡ።

ፎቶው ሌላ ሲሆን

ታሪክ የሌለው ፎቶ አለ፣ ይህ ነውር አይደለም። ሙሽሮቹ ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ውሃው ዳር ቆመዋል፣ ብርሃኑ ወርቅ ነው፣ ሁለቱም ያማሩ ናቸው። እዚያ ሥር ታሪክ ልፍጠር ማለት ወደ «ሁለት ልቦች» መመለስ ነው። ለእንዲህ ያለው ፎቶ የሥራ ካፕሽን ብቻውን ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ይህን ፎቶ ያየች ሙሽሪት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የኔስ እንዲህ እንዲወጣ ስንት ሰዓት መድረስ አለብኝ?

በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ ቶሎ ትወርዳለች፤ ለስላሳው ብርሃን ረጅም ጊዜ አይቆይም። ከምሳ ግብዣ ተነስተው በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚመጡ ሙሽሮች 12 ሰዓት ላይ ቢደርሱ ቬሎ እስኪስተካከል ብርሃኑ ሄዷል። ስለዚህ፦

«11 ሰዓት ከ40፣ ወዳጅነት ፓርክ። ሚዜዎቹን መኪና ውስጥ አስቀርተን ለሁለቱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሰጠናቸው።»

ሰዓቱን ከግምት አትጻፉ። ካሜራው ፋይሉ ላይ የመዘገበው አለ፣ እሱን አይታችሁ ጻፉ፤ የካሜራው ሰዓት በትክክል መሞላቱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንዲት ሙሽሪት በናንተ ካፕሽን ፕሮግራሟን ልታወጣ ትችላለችና። ፎቶ ማንሳት ፈቃድ ወይም ክፍያ የሚጠየቅበት ቦታ ከሆነም እሱን መጥቀስ እጮኛሞች ከሚፈልጉት መረጃ አንዱ ነው፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ግን ቁጥሩን ካፕሽን ላይ አታስቀምጡ።

አዳራሽ ውስጥ የተነሳ የጭፈራና የኬክ ፎቶ ላይ ብዙ አልቆይም። ከመቶ ሰርግ አንዱን ከሌላው የሚለየው ትንሽ ነው። የሚለይ ነገር ካለ ጻፉ፣ ከሌለ ፎቶውን ከፖርትፎሊዮ ማውጣት ይሻላል።

ከመለጠፉ በፊት

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቅርቡም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ብዙ ስቱዲዮ ከሙሽሮቹ ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ ፎቶውን ለማስታወቂያ እጠቀማለሁ የሚል መስመር ያስገባል፤ ያ ለሁለቱ ሙሽሮች ነው። በኛ ፎቶ ላይ ግን ዋናዋ ሰው አያት ናቸው፤ ውል አልፈረሙም።

ስለዚህ ሙሽሪትን ደውላችሁ «እማማን ጠይቂልን» በሏት፣ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ካፕሽኑንም ላኩላት። ይህ ለሕጉ ብቻ አይደለም። ሙሽሪት ካፕሽኑን ስታነብ የተሳሳተ ነገር ታርማለች፦ «አያቴ አይደሉም፣ የእናቴ አክስት ናቸው» ልትል ትችላለች። ያ ስህተት ከተለጠፈ በኋላ በዘመድ ኮሜንት ቢታረም ያሳፍራል። የተሻለ ዝርዝርም ልትሰጣችሁ ትችላለች፤ እናንተ ከመስኮቱ ጎን ሆናችሁ ያልሰማችሁትን የምርቃት ቃል እሷ ሰምታዋለች። እንድትጠቀሙበት ከፈቀደች ከኛ ዓረፍተ ነገር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ መክፈቻውን ለሱ ልቀቁ።

የሙሽሮቹን ሙሉ ስም፣ የሰፈሩን ቅያስና ቤቱ የሚታወቅበትን ምልክት አትጻፉ። «አራት ኪሎ» ይበቃል። አያት እምቢ ካሉ ደግሞ ፎቶው አይለጠፍም፤ እጃቸውና ዓይነ ርግቡ ብቻ እንዲታይ ተቆርጦ ይለጠፍ ቢባል እንኳ ዳግመኛ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በላይክ አይታወቅም። ሰርገኛው በሙሉ ላይክ ያደርጋል። ኢንስታግራም ላይ የፕሮፌሽናል አካውንት ያለው ሰው እያንዳንዱ ፖስት ስንት ጊዜ ሴቭ እንደተደረገና ለሌላ ሰው እንደተላከ ማየት ይችላል፤ እነዚህ ሁለቱ ናቸው እጮኛሞች የሚያደርጉት። ላይኩ ያነሰ፣ የተላከበት ቁጥር ግን የበዛ ፖስት የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ የሚበልጠው ማስረጃ ኢንቦክሳችሁ ነው። «ሰላም፣ ፓኬጅ ስንት ነው?» የሚል መልእክት ከየትኛውም ፖስት ይመጣል። «ያቺ ቄጠማዋን ያልነካችኋት ፎቶ ላይ ያለው ዓይነት እንፈልጋለን» ወይም «እኛ 3 ሰዓት ተኩል ነው የምንወጣው፣ አያቴም አሉ» የሚል መልእክት ግን ከዚህ ካፕሽን ብቻ ነው የሚመጣው። ከመጡት መልእክቶች ውስጥ ስንቱ ከጽሑፉ አንድ ነገር እንደጠቀሰ ቁጠሩ። ማንም ካልጠቀሰ መክፈቻው አልያዘም ማለት ነውና ፎቶውን ሳትቀይሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ሌላ ጊዜ ሞክሩት። ዓረፍተ ነገሩ ተጠቅሶ ሰዓት የጻፈ ሰው ከሌለ ደግሞ ችግሩ መዝጊያው ላይ ነው፤ ጥያቄው ከብዶባቸዋል።

የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር ወቅት እንዳለውም አትርሱ። ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮች በጾም ስለማያገቡ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ይጨናነቃል፤ ለዚያ ጊዜ ቀን የሚይዙ ሰዎች ፎቶግራፈር የሚፈልጉት ከወራት በፊት ነው። «ለመጪው ጥር» የሚለውን ካፕሽን በመስከረምና በጥቅምት ለጥፉት። ጥር ካለፈ በኋላ እዚያው ፔጅ ላይ ተሰክቶ ከቆየ ኤዲት አድርጋችሁ «ከፋሲካ በኋላ ቀን የቆረጣችሁ» በሉት፤ የቀረው ጽሑፍ አይነካም።